«መጨረሻው ስንት ነው?»

ጎጃም ውስጥ ጤፍ ሳይመረመር አይገዛም። ገበያ የወጣች እናት ከጆንያው ፊት ቁጢጥ ትላለች፤ እፍኝ ታነሳለች፤ በመዳፏ አሸት አሸት ታደርጋለች፤ እፍ ትላለች፤ ጥቂት ፍሬ ወደ አፏ ጣል አድርጋ ታኝካለች። ነገሩ ካልጣማት ፊቷን አጨፍግጋ ወደሚቀጥለው ጆንያ ታልፋለች። ከጣማት ግን ያኔ ነው «ስንት ነው?» የምትለው። እስከዚያ ድረስ ዓይኗ፣ እጇና ጥርሷ ስንቱን ጠይቀው መልሱን አግኝተዋል፤ ነጋዴውም አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ቴሌግራም ላይ መዳፍ የለም። ስለዚህ በገበያ እጅ ይጠይቀው የነበረውን ሁሉ ጣት ይጽፈዋል። የሚጽፈውም ለነጋዴው ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ያን ጊዜ ሚዛን ላይ ነው፣ ወይም ጆንያ እየሰፋ ነው፣ ወይም ኔትወርክ የለውም።

እዚህ ሉማሜ የሚጎራበተኝን የእህል ነጋዴ «ጋሼ» ነው የምለው፤ ስሙን ባነሳ ይቆጣል። አዲስ አበባ ያለው የወንድሙ ልጅ ቻናል ከፈተለትና የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ጻፈለት። የጆንያ ፎቶ፣ ከሥሩ «ምርጥ የጎጃም ጤፍ!!! ጥራቱ የተረጋገጠ!!! ለበለጠ መረጃ በውስጥ መስመር ያናግሩን»። ሰውም ታዛዥ ነው፣ ለበለጠ መረጃ በውስጥ መስመር መጣ። «ዋጋ?» «ሰላም ዋጋ?» «አለ?» «ሉማሜ የት ነው?» «ማኛ ነው?» «ያደርሳል?» አንዱ ያለ ምንም ፊደል «?» ብቻ ላከ። ሌላው የመጀመሪያው ዋጋ እንኳ ሳይነገረው «መጨረሻው ስንት ነው?» አለ። ጋሼ ለእያንዳንዱ መልስ እየጻፈ ከሚዛኑ ራቀ፤ ሚዛኑን የያዘው ልጅም እህል ያመጣውን ገበሬ አስቆጥቶ መለሰለት።

ይህ ሁሉ ሳቅ ነው። የማያስቀው መዘግየቱ ነው። አንዲት የአዲስ አበባ እናት ለጥር ሠርግ ሦስት ኩንታል ፈልገው ነበር። ሰኞ ጠዋት «ዋጋው ስንት ነው ልጄ?» ብለው ጻፉ። ጋሼ ቀትር ላይ አይቶ ዋጋውን መለሰ። እሳቸው ማታ ከሥራ ሲገቡ «አዲስ አበባ ድረስ ነው?» አሉ። ጋሼ ማክሰኞ ረፋድ ላይ «አይ እትዬ፣ ሉማሜ ላይ ነው፤ ማድረሻው ለብቻ ነው» አለ። እሳቸው «ማድረሻው ስንት?» አሉ። እሱ መለሰ። «ኩንታሉ መቶ ኪሎ ሙሉ ነው?» አሉ። እሱ «ሙሉ ነው» ብሎ ሲጽፍ የማክሰኞው አይሱዙ ደጀን ደርሷል። ረቡዕ ዕለት «ይቅርታ ልጄ፣ ከሌላ ሰው ገዛሁ» የሚል መጣ። ሌላው ሰው ጤፉ ስለበለጠ አይደለም ያሸነፈው። እኒያ እናት እንደ ማንኛውም አስተዋይ ገዢ አንዱን ጥያቄ ለአራትና ለአምስት ነጋዴ ልከዋል፤ መጀመሪያ መልሱ የተሟላለት ገንዘቡን ወሰደ።

ጋሼ ዋጋውን የማይጽፈው ስለረሳ አይደለም፤ ምክንያት አለው። ዋጋ ከጻፈ ደላላው ያያል፤ አጠገቡ ያለው ነጋዴ አምሳ ብር ቀንሶ ይለጥፋል። ደግሞ ዋጋ ከገበያ ቀን እስከ ገበያ ቀን ይለዋወጣል፤ ዛሬ የጻፈውን ሳምንት ሰው ይዞ ቢሟገተውስ? የመጀመሪያው ፍርሃት ብዙ አያስኬድም። ደላላው ቴሌግራም ሳይመጣም ዋጋውን ያውቃል፤ የደላላ ሥራው ይኸው ነው። ዋጋውን የማያውቀው ገዢው ብቻ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ግን እውነት ነው፤ ማርከሻውም ቀን መጻፍ ነው።

የወጌ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ብቻውን የተጻፈ ዋጋ ዋጋ አይደለም። «12,000» ብሎ መጻፍ ሦስት አዳዲስ ጥያቄ ይወልዳል፤ የት ላይ? ለስንት ኪሎ? እስከ መቼ? ቦታው፣ መጠኑና ቀኑ ከዋጋው ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተቀመጡ ሰው ተመልሶ ይመጣል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ያደረገውም ይህንኑ ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠ ገዢ ሩቅ መጋዘን ያለ ቡና ሳያይ፣ ሳይነካ፣ ሳይቀምስ የሚገዛው ደረጃው፣ መጋዘኑና የምርት ዘመኑ ከምርቱ ጋር ተመዝግበው ስለሚቀርቡለት ነው። እዚያ ማንም «አለ?» አይልም።

እናም አንድ እሑድ ከሰዓት ከጋሼ ጋር ቁጭ ብለን ያለፉትን መልእክቶች ወረቀት ላይ በጭረት ቆጠርን። ሦስት ሰው የጠየቀው ጥያቄ ጽሑፉ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ሰው ብቻ የጠየቀው ይቆይ ተባባልን። ቅደም ተከተሉም በጋሼ ምርጫ ሳይሆን ሰው በሚጠይቅበት ሆነ። ፎቶ ሥር የሚጻፍ ጽሑፍ በነጻው ቴሌግራም ከ1,024 ፊደልና ምልክት አያልፍም፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ያለ ፎቶ ከሆነ 4,096 ይፈቅዳል፤ ግን ጤፍ ያለ ፎቶ ማን ያያል? ስለዚህ ቦታ መቆጠብ ነበረብን፤ የመጀመሪያው ተሰናባችም «ምርጥ» ሆነ። ጋሼ አዘነ። ቢሆንም «ምርጥ ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አላገኘንም።

የወጣው ጽሑፍ ይህን ይመስላል፤ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ውሰዷቸው፦

«ነጭ ጤፍ፣ ኩንታሉ (ያለ ጆንያው 100 ኪሎ) 12,000 ብር፣ ሉማሜ መጋዘን ላይ። የጥር 12 ዋጋ ነው፤ እስከ ጥር 19 አይለወጥም።
አዲስ አበባ እህል በረንዳ ድረስ በኩንታል 400 ብር ይጨመራል፤ መጫኛውን እኛ፣ ማውረጃውን ገዢው ይከፍላል።
የዘንድሮ ምርት፣ ኅዳር የታጨደ። ዘሩ ቁንጮ የሚባለው። ሁለት ጊዜ በወንፊት የተነፋ።
መኪና ማክሰኞና ዓርብ ይነሳል፤ በዕለቱ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ያዘዘ ይጫንለታል።
ክፍያ በንግድ ባንክ ወይም በቴሌብር፤ ግማሹ ሲጫን፣ ግማሹ መዝናችሁ ስትረከቡ።
ወደ አዲስ አበባ ከ1 ኩንታል በታች አንልክም። ዋጋው ቁርጥ ነው፤ ከ10 ኩንታል በላይ የሚወስድ ይደውል።
ሉማሜ፦ ምሥራቅ ጎጃም፣ አዋበል ወረዳ፤ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ደጀንን አልፎ፣ ደብረ ማርቆስ ሳይደርሱ።»

ከሥሩ «ከሠላምታ ጋር» የሚልና ስልክ ቁጥሩ አለ።

ስለ ቁንጮ ሁለት ቃል ልበል። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ የነጭ ጤፍ ዝርያ ስም ነው። ዱሮ «ማኛ ነው?» ላለው ሁሉ ጋሼ «ቁንጮ ነው» ሲል ገዢው ጉራ መስሎት ይስቅ ነበር፤ «ዘሩ» የምትለው ቃል ያን ሁሉ ሳቅ አስቀረች። «የዘንድሮ ምርት» የተባለውም በከንቱ አይደለም። ጤፍ እንደ በቆሎ ነቀዝ አይደፍረውምና ብዙ ይቀመጣል፤ የከረመው ውሃ ያነሳል ብለው እሱን የሚመርጡ ባልትና አዋቂዎች አሉ፣ አዲሱን የሚሹም አሉ። ነጋዴው ይህ ይሻላል እያለ አይከራከር፤ የታጨደበትን ይጻፍ፣ መራጩ ይምረጥ።

ፎቶውንም ለወጥነው። ጆንያ ማንንም አያስረዳም፤ የጆንያ ፎቶ የሚያሳየው ጆንያ ነው። ጤፉን መዳፍ ላይ አድርገን፣ ጥላ ውስጥ፣ ከነጭ ወረቀት አጠገብ አነሳነው። ስልክ ፀሐይ ላይ ሰርገኛውን ሁሉ ማኛ ያስመስለዋል፤ ወረቀቱ ጎን ሲቀመጥ ግን ዓይን ያወዳድራል፣ ውሸቱም ይጋለጣል። ሌላው ፎቶ የሚዛኑ ነው፤ ቁጥሩ በሚነበብበት ቅርበት።

ከአንድ ነገር ግን ጽሑፍም አያድንም። ቻናል ላይ ያለውን ጽሑፍ ማረም ይቻላል፤ ጤፉ ሲያልቅ ከላይ «አልቋል» ብሎ መጻፍ ነው፤ «አለ?» የሚለው ጥያቄ ሌላ መድኃኒት የለውም። ሰው ወደ ዘመዱ ያስተላለፈው ቅጂ ግን አብሮ አይታረምም። የኅዳሩ ዋጋ በሰው ስልክ ውስጥ መጋቢት ድረስ በጤና ይኖራል። ለዚህ ነው ቀኑ በመጀመሪያው መስመር የገባው፤ ቀኑ ያለፈበትን ዋጋ ይዞ የመጣን ሰው ጋሼ አይከራከረውም፣ ቀኑን ያሳየዋል። እንዲህ የሚዞር ቅጂ ጥቅምም አለው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ ወራት ሲቆይ ማንም ነጋዴ በቴሌግራም ለማንም መልስ አልሰጠም። የተሟላ ጽሑፍ በእጁ ያለ ገዢ ግን የሚቀረው ስልክ መደወል ብቻ ነው።

አሁን ለጋሼ የሚመጣው መልእክት አነስ ብሏል፤ መልኩም ተቀይሯል። «ሁለት ኩንታል፣ ለዓርብ፣ እህል በረንዳ» የሚል ይመጣል፤ ይህ ጥያቄ ሳይሆን ሽያጭ ነው። «ዋጋ?» የሚሉ ግን ዛሬም አሉ። ጋሼ አይቆጣም፤ ያንኑ ማስታወቂያ መልሶ ይልክላቸዋል። «አስፈጭታችሁ ትልካላችሁ?» የሚል ሦስተኛ ሰው ሲመጣ ደግሞ «አናስፈጭም፤ ፍሬውን አይታችሁ ተረከቡ» የምትል መስመር ተጨመረች። ለእሷ ቦታ ለመልቀቅ «ከሠላምታ ጋር» ወጣች።

«መጨረሻው ስንት ነው?» ባዮችን ግን ምንም ጽሑፍ አልበገራቸውም፤ «ቁርጥ» የሚለውን አንብበው ነው የሚጠይቁት። ጋሼ እነሱን እንደ ጠያቂ አይቆጥራቸውም። «ይህ እኮ ሰላምታ ነው» ይላል፤ ልክ ነው። ገበያ መጥታ ሳትከራከር ገዝታ የሄደች እናት ቤቷ ስትገባ የተታለለች ይመስላታል። ከ10 ኩንታል በላይ ይደውል የምትለው መስመር ለእነሱ የተተወች በር ናት፤ በሯን የሚያንኳኳም አሁን ቢያንስ ስንት ኩንታል እንደሚፈልግ ተናግሮ ነው።

ገዢዎች ሆይ፣ እናንተም ትንሽ እርዱን፦ ከፎቶው ሥር ያለውን እስከ ስልክ ቁጥሩ አንብቡ፤ እዚያ የሌለውን ብቻ ጠይቁ፤ ስትጠይቁም ስንት ኪሎ፣ ለየትኛው ከተማና ለመቼ እንደሆነ በአንድ መልእክት ጻፉልን።