የነጥቧ ዋጋ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሥራ ይዞ የተገኘ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ጥፋት አለበት። እኔ ሁለተኛው ነበርኩ። ነገ አርብ፣ ዕረፍት ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ገብቷል፤ ሱቁ ተዘግቷል፣ መንገዱ ጭር ብሏል። እኔ ማራገቢያ ሥር ተቀምጬ ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ቃል አፍጥጬ አያለሁ።

selam.

የላኩልኝ ጋሼ ናቸው። መርካቶ ሱቅ ያላቸው፣ የሴራሚክ ኮንቴነራቸውን ዶራሌ ላይ የማስጨርስላቸው ደንበኛዬ። የጋሼ ሰላምታ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሰላም ወንድሜ!!! 🙏🙏»። ዛሬ ፊደሉ ላቲን፣ ወንድሜ የለ፣ እጁ የለ፤ s እንኳ ትንሿ ናት። በስተመጨረሻ ደግሞ ያቺ ነጥብ።

ነጥቧ ናት ያስደነገጠችኝ። እኔ የምጽፍበት የፈረንሳይ ኪቦርድ ላይ ቃለ አጋኖ በአንድ ጣት ይመጣል፤ ነጥብ ግን ሺፍት ካልያዙ አትወጣም። ስለዚህ ለእኔ ነጥብ ማለት በሁለት እጅ የተወረወረች ድንጋይ ናት። ሰው ሳያስብባት አያደርጋትም።

ለመደንገጥም ምክንያት ነበረኝ። ማክሰኞ ዕለት «ወረቀቱ አልቋል» ብያቸው ነበር። ያስገባሁት ረቡዕ ነው። በትራንዚት ሥራ እንዲህ ያለው ውሸት ባይበረታታም ያልተለመደ አይደለም።

«ሰላም ጋሼ!!! እንዴት ኖት!!! ቤተሰብ ደህና!!! 🙏🙏🙏» ብዬ ላክሁ። አንድ የራይት ምልክት ወጣች። አምስት ደቂቃ፣ አንድ ናት። ሃያ ደቂቃ፣ አሁንም አንድ ናት።

ጅቡቲ ውስጥ የምንጻጻፈው በዋትስአፕ ነው። እዚያ አንድ ምልክት ብቻ ከቀረች መልእክቱ ሰውየው ስልክ ላይ አልደረሰም፤ ወይ ስልኩ ጠፍቷል ወይ ዘግቶሃል። ሁለት ግራጫ ሲሆን ደርሷል፤ ሰማያዊ ሲሆን ተነቧል። ጋሼ ነጥባቸውን ወርውረው በሩን ዘጉብኝ ማለት ነው። ላብ አጠመቀኝ፤ ግማሹ የጅቡቲ ሙቀት ነው፣ ግማሹ የእኔው።

ከዚያ ኑዛዜዬን ጀመርኩ። ሦስት መልእክት። ማክሰኞ እንዳላለቀ፣ ረቡዕ እንዳስገባሁት፣ የመጋዘን ኪራይ ከጨመረ ከኪሴ እንደምችል። ሦስቱንም ላክሁና ትንሽ ቀለል አለኝ።

የቢሮ ባልደረባዬ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ሶማልኛም አማርኛም ፈረንሳይኛም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሳል። ጉንጩን ወጥሮ ገባና ስክሪኑን አየው።

«አቦ፣ ሰውየው ኮምፒውተር ላይ ናቸው» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«ስልክ ቢሆን የመጀመሪያዋን ፊደል ራሱ ትልቅ ያደርጋት ነበር። ትንሽ ሆና የቀረችው የኮምፒውተር ኪቦርድ ስለሆነ ነው። አማርኛ የሌለው ኪቦርድ ነዋ፣ ለዚያ ነው በላቲን የጻፉት። አዲስ አበባ ያለው ደግሞ የእንግሊዝኛ ነው፤ ነጥቡን እንዲሁ ትነካዋለህ፣ ሺፍት የሚፈልገው ቃለ አጋኖው ነው።»

እንግዲህ የእኔ ሦስት ሦስት ቃለ አጋኖ በነፃ የመጣ ነበር፣ የእሳቸውም ነጥብ እንዲሁ። የተቆጣ ሰው ከለመደው ሰላምታ ጋር ተስተያይቶ ይለያል ይባላል፤ ልክ ነው፣ ግን አስቀድሞ በምን እንደጻፈ ማወቅ ይፈልጋል። በእኛ ፊደል ቢሆን ትልቅና ትንሽ የሚባል ጣጣ ባልመጣ።

«አንዷ ምልክትስ?» አልኩት፣ ድምፄ ቀጥኖ።

«ይሄ እኮ ቴሌግራም ነው። እዚህ አንድ ማለት ሄዷል፣ ሰርቨሩ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ሁለተኛዋ የምትመጣው ሲያነቡት ነው። ምሳ ሄደው ይሆናላ! ሰባት ሰዓት ነበር የጻፉልህ።»

ቴሌግራም የላኩትን ከሁለቱም ወገን መሰረዝ ይፈቅዳል። ማውሱን አንሥቼ የመጀመሪያውን ኑዛዜ መረጥሁ፣ ሁለተኛውን መረጥሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ በአራቱም መልእክቶች ጎን ሁለተኛዋ ምልክት ብቅ አለች።

ጋሼ መጻፍ ጀመሩ። አቆሙ። ጀመሩ። ባልደረባዬ ማኘኩን ተወ። መጀመሪያ የመጣው እንዲህ ይል ነበር፦

selam new. silke tesebro new be lije computer. shito lazih neber.

ስልካቸው ተሰብሮ፣ በልጃቸው ኮምፒውተር፣ ሽቶ ሊያዙኝ። ኮንቴነሩን አላነሡትም። ደቂቃ ቆይቶ ሌላ ገባ። ስድስት ዓመት ሙሉ «አንተ» ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸው።

maksegno alkual yalugn ersiwo aydelum?

ነጥብ የለው፣ ቃለ አጋኖ የለው። ባልደረባዬ አንብቦ «እርስዎ» የምትለዋን በጣቱ ነካ አደረጋት።

«አቦ፣ አሁን ፍራ» አለኝ።