ለግብዣ ሽማግሌ፣ ለዕዳ ጨቅላ

የከተማችን ድርጅቶች ለዕድሜ ያላቸው አክብሮት ሊመሰገን ይገባዋል። ዳቦ ቤቱም፣ የጉዞ ወኪሉም፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀው ፋርማሲም ታፔላው ላይ «ከዚህ ዓመት ጀምሮ» ሳይል አያድርም። ዓመቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ማንም አይጠይቅም። እኔም አልጠይቅም። ይልቅ በዕድሜ ወደኋላ የቀሩ ድርጅቶች ካሉ፣ የቀደሙት እንዴት እንዳረጁ ላሳያቸው።

አንድ ኮምፒውተር አቅራቢ እናስብ። ባለቤቱ በ1992 ዓ.ም. ከአጎቱ ሱቅ ጀርባ ራዲዮ ይጠግን ነበር፤ ፈቃድም፣ ደረሰኝም አልነበረውም። በ1997 በግል ስሙ የንግድ ፈቃድ አወጣ። በ2003 ከእህቱ ጋር ሆኖ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋመ፦ መመሥረቻ ጽሑፉን ጥር ላይ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው ፈረሙ፣ ንግድ መዝገብ የገቡት ግን መጋቢት ላይ ነው። በ2014 ደግሞ ዘመድ አዝማድ አሰባስበው ወደ አክሲዮን ማኅበርነት ተለወጡ። እንግዲህ የልደት ቀን ሞልቶ ተትረፍርፏል፤ ይመረጥ።

ሕጉ እንደ ልማዱ ደስታ አያውቅም። ማኅበር የሕግ ሰውነት የሚያገኘው በንግድ መዝገብ ሲመዘገብ ነው ይላል። የ1952ቱም የንግድ ሕግ፣ አሁን ያለው አዋጅ ቁጥር 1243/2013ም በዚህ ነገር አልተጣሉም። (ከመዝገብ ውጭ መኖር የሚፈልግ ካለ እሽሙር ማኅበር አለለት፤ እሱ ግን ሰውነት ስለሌለው ልደትም የለው።) ከመጋቢት 2003 በፊት ያ ድርጅት በስሙ መኪና ሊያስመዘግብ፣ ሊከስም ሆነ ሊከሰስ አይችልም ነበር። የ1997ቱ ፈቃድም የሰውዬው እንጂ የማኅበሩ አይደለም፤ የንግድ ፈቃድ እንደ መሬት አይወረስም፣ ለሌላ አይተላለፍም። ለዚህም ነው ማኅበሩ የራሱን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አዲስ ያወጣው። ደግነቱ የ2014ቱ ለውጥ ዕድሜውን አላጠፋበትም፦ ከአንዱ የማኅበር ዓይነት ወደ ሌላው መለወጥ አዲስ ሰው አይወልድም፣ ያው የ2003ቱ ሰው ልብስ ቀየረ ማለት ነው። ስለዚህ በሕግ ዓይን ሲታይ የመጋቢት 2003 ልጅ ነው።

ታፔላው የመረጠው ግን 1992ን ነው። ራዲዮ መጠገንና ኮምፒውተር ማቅረብ ምን አገናኘው ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ቢኖር «ሁለቱም ሽቦ አላቸው» ይባላል። ከዚህ በኋላ ያለው ጥበብ የእኛው አገር ብቻ ነው፤ ፈረንጆች ቢቀኑብን አይፈረድባቸውም። በአማርኛው ታፔላ «ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ» ይጻፋል። በእንግሊዝኛው ላይ ያቺው 1992 ሳትቀነስ ሳትጨመር ትደገማለች፤ «ዓ.ም.» ብቻ በመንገድ ላይ ትወድቃለች። ድርጅቱ አንድ ብር ሳያወጣ፣ አንድ ዕቃ ሳይሸጥ፣ በሰሌዳ ሠሪው ብሩሽ ብቻ ሰባት ስምንት ዓመት አርጅቶ ያድራል። የባለቤቱ እናት ልጃቸው በፈረንጆቹ 1992 ገና ፊደል ይቆጥር እንደነበር ቢያስታውሱም፣ እናት ለማስታወቂያ ክፍል አትመሰክርም።

ይህ የድሃ አገር ብልጠት ነው የሚል ካለ ጉግልን ይመልከት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1998 አንዲ ቤክቶልሻይም የተባለ ባለሀብት በሁለቱ ወጣት መሥራቾች ሥራ ተደስቶ የ100,000 ዶላር ቼክ ጻፈላቸው፤ ቼኩ ላይ የተጻፈው ተከፋይ «ጉግል ኢንኮርፖሬትድ» ነበር። ችግሩ እንዲህ የሚባል ድርጅት በምድር ላይ አልነበረም። የሌለ ድርጅት የባንክ ሒሳብ ስለሌለው ገንዘቡ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ጠበቀ፤ መስከረም 4 ቀን 1998 ድርጅቱ ሲመዘገብ ነው ባንክ መግባት የቻለው። እንግዲህ ሐሳቡም፣ ሥራውም፣ ገንዘብ ሰጪውም ቀድመው ነበሩ፤ ባንኩ የጠየቀው ግን ምዝገባውን ነው። ጉግል ታዲያ ለዚህች ውለታ በዋለች ቀን ምን አደረገላት? ልደቱን መስከረም 27 ያከብራል! ቀደም ባሉት ዓመታት ደግሞ በሌሎች የመስከረም ቀኖች አክብሮ ያውቃል። ሻማው የሚበራው ኬክ ሲደርስ ነው መሰለኝ።

ከእኛ ትልልቆች ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ታሪኩን የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከ1894፣ ከአፄ ምኒልክ የስልክ መስመር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የሚባለውን ድርጅት ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 197/2003 አቋቋመው። እዚህ ላይ ሽሙጤን ትንሽ ልያዝ፦ ስልኩ በእውነት ነበረ፣ አገልግሎቱም ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው እየተወረሰ መጣ፣ ስለዚህ የአገልግሎቱን ዕድሜ መቁጠር ሐሰት አይደለም። ሐሰት የሚሆነው የስልኩን ዕድሜ የድርጅቱ ዕድሜ አድርገው ሲያወሩት ነው። የእኛ ኮምፒውተር አቅራቢ ግን ይህን ልዩነት ሰምቶ «እኔስ ከምኒልክ በምን አንሳለሁ» ብሏል፤ ራዲዮ ጥገናውም አገልግሎት ነውና።

የዕድሜው ጸጋ የሚታየው ጨረታ ላይ ነው። የጨረታ ሰነድ «የአሥር ዓመት ልምድ ያለው» ሲል የድርጅቱ መግለጫ «ከ1992 ጀምሮ» ብሎ በደማቁ ይቀርባል። የጨረታ ኮሚቴው ጨዋ ከሆነ መግለጫውን አንብቦ ያጨበጭባል። ጨዋ ካልሆነ የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀቱን ያወጣና ምዝገባው የተፈጸመበትን ቀን ይፈልጋል። ወረቀቱ የተሰጠበትን አይደለም፤ አድራሻ ወይም ካፒታል ሲቀየር ወረቀቱ ሊታደስ ስለሚችል እሱ ቀን ሌላ ታሪክ ነው። ከዚያም ያንን ከመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤዎቹ ጋር ያስተያያል። ከምዝገባው በፊት የተጻፈ ደብዳቤ ከተገኘ የማን ስም እንዳለበት ያያል፤ የማኅበሩ ነው ወይስ የሰውዬው?

አሁን ወደ መጋዘኑ ልሂድ፤ የነገሩ ማር ያለው እዚያ ነው። በ2003 የካቲት ላይ፣ መመሥረቻ ጽሑፉ ተፈርሞ ምዝገባው ሳያልቅ፣ ወንድምና እህት በማኅበሩ ስም መጋዘን ተከራዩ። ኪራዩ ሳይከፈል ከረመ። አከራዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቢለምኑ ቢለምኑ እምቢ ሲሏቸው ማኅበሩን ከሰሱ። ያ ታፔላው ላይ ጎልማሳ የሆነ ድርጅት ፍርድ ቤት ሲደርስ ምን ሆነ? ሕፃን ሆነ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ውሉ ሲፈረም እኔ አልተወለድኩም» አለ። እውነቱን ነው! ለምሥረታው የተገባን ግዴታ ማኅበሩ ከተመዘገበ በኋላ ካልተቀበለው፣ በአንድነትና በነጠላ የሚጠየቁት የፈረሙት መሥራቾች ናቸው። ማኅበሩም አልተቀበለውም። አከራዩ ክሱን አሻሽለው ወንድምና እህትን እስኪይዙ ድረስ ያቺ የመጋቢት ቀን፣ በታፔላው ላይ ቦታ ያጣችው፣ በመልስ ጽሑፉ ውስጥ ሦስት ቦታ ተጠቅሳ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ድርጅቱ የ25ኛ ዓመት የምሥረታ በዓሉን በድምቀት አከበረ። በመጽሔቱ የታሪክ ገጽ ላይ «በ11ኛ ዓመታችን የመጀመሪያውን መጋዘን ተከራየን» የሚል አንቀጽ ከነፎቶው ወጣ። አከራዩም «የረጅም ጊዜ አጋር» በሚል የክብር ጥሪ ደርሷቸዋል፤ ሄደው መጽሔቱን አንድ ለራሳቸው፣ አንድ ለጠበቃቸው ይዘው ወጡ።