ዓሣው ስንት ኪሎ ነው?

ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ ከሐዋሳ ሐይቅ የወጣው ቆሮሶ ታጥቦ ሲቀርብ፣ አጠገብ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «ስንት ኪሎ ነው?»

የዚህ ወግ ጸሐፊ በዚህ ጥያቄ የተነሣ ሰላም የለውም። ኪሎው ለሻጩ ነበር፤ ሒሳቡም ተከፍሏል። እሳት የሚያውቀው ውፍረት ነው። ሙቀት የሚገባው በሁለቱ ጎኖች ስለሆነ ዓሣው ቢረዝም እምብዛም ለውጥ የለውም፤ ቢወፍር ግን መሐል አጥንቱ ጋ እስኪደርስ ይቆያል።

ለዚህ ከካናዳ የመጣ የቆየ ደንብ አለ፤ በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ ኦቭን ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 10 ደቂቃ። ስለዚህ ጸሐፊው ከልጁ ቦርሳ ማስመሪያ ያወጣል። ልጁ የቤት ሥራ አለብኝ ይላል፤ እንግዶች ይተያያሉ፤ እሱ ዓሣውን በጎኑ አጋድሞ ከጭንቅላቱ ዝቅ ብሎ ወፍራሙን ቦታ ይለካል። ሆዱ ውስጥ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ከተጠቀጠቀ ይወፍራልና እንደገና ይለካል። 4 ሴንቲ ሜትር። እንግዲህ 16 ደቂቃ ነው፤ በፎይል ከተጠቀለለ 5 ይጨመርበታል።

ፍም ላይ ሲሆን በየጎኑ 8 ደቂቃ ግድም ነው፤ ግን ከሰል ዲግሪ ስለሌለው ሰዓቱ የሚጠቅመው መቼ ማየት እንደሚጀመር ለማወቅ ነው። ቆዳው በደንብ ይደርቃል፣ ዘይት ይቀባል፣ ፍርግርጉ አስቀድሞ ይግላል። ለመገልበጥ ሲነሣ ከያዘ ገና ነው፤ ቆዳው ሲጠበስ በራሱ ይለቃል።

መብሰሉን ለማየት የቢላ ጫፍ ከጭንቅላቱ ጀርባ አጥንቱ አጠገብ ይገባል። ሥጋው ነጥቶ፣ ሳይጎተት ከአጥንቱ ከተላቀቀ በስሏል፤ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍና አጥንቱን የሙጥኝ ያለ ከሆነ 2 ደቂቃ ይጠበቃል። የጀርባው ክንፍም ሲሳብ ይወጣል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው 63 ዲግሪን ይፈልግ።

ይህ ሁሉ ታይቶ፣ ዓሣው ሊነሣ ሲል ነው «ኧረ ትንሽ ይቆይ!» የሚባለው። የሚለውስ ማን ነው? ትናንት ሉካንዳ ቤት ተቀምጦ ቁርጥ በሚጥሚጣ ሲያወራርድ የዋለው ሰውዬ! ለበሬው ጥሬነት ያልደነገጠ፣ በስሎ ላለቀ ቆሮሶ ይርበተበታል። ያቺ «ትንሽ» ናት ውሃውን አውጥታ ሥጋውን ጥጥ የምታደርገው። ከዚያ ደግሞ ደረቀ ብሎ የሚያማርረው ራሱ ነው! ከእሳት ከወጣ በኋላ እንኳ ሙቀቱ ጥቂት ደቂቃ ወደ ውስጥ መግባቱን እንደሚቀጥል ማን ይንገረው?

ያም ሆኖ ሰውዬው ሎሚ ይዞ ይመጣልና ክፉ አይባልም። ችግሩ ሎሚውን ቀደም ብሎ ጨምቆ ማስቀመጡ ነው፤ ኮምጣጣው እሳት ያልነካውን ሥጋ ከላይ ስለሚያነጣው ምልክቱን ያሳስታል። ጸሐፊው በስተመጨረሻ ይጨመቅ ባይ ነው፤ ባለቤቱ ግን እናቷ ከመጥበሷ በፊት ታሽ ነበር ትላለች። አማቱ ደግሞ ለፋሲካ ይመጣሉ።