ፎቶ አዝዤ ፎቶ ደረሰኝ

ለተከበሩ የሐበሻ ቀሚስ ሻጭ
ባሉበት (ሱቅዎ የት እንደሆነ ስላልነገሩኝ)

ጉዳዩ፦ የ9,500 ብር ተመላሽ ስለመጠየቅ

ሐሙስ ከሰዓት ሞተረኛዎ ጥቅሉን አስረክቦኝ፣ 200 ብሩን ተቀብሎ፣ ከፍቼ ሳላየው ተፈተለከ። ልጁን አልወቅሰውም፤ ከፊቴ ከመቆም መሮጥ እንደሚሻለው ከልምድ ያወቀ ይመስላል።

ቴሌግራም ላይ የለጠፉት ቀሚስ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ነጭ፣ ፈዘዝ ያለ የፈትል ጥጥ፤ ጫፉ ላይ መዳፍ ተኩል የሚሆን ወርቅማ ጥለት። ከሥሩ «100% የእጅ ሥራ፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ፣ ፍሬ ውስን ነው፣ ፈጥነው ይዘዙ» ይላል። ፈጠንኩ። ለእናቴ ነበር፤ የልጅ ልጇ መልስ ላይ እንድትለብሰው።

እናቴ ደግሞ በወጣትነቷ ጥጥ ባዝታ፣ በእንዝርት ፈትላ ያደገች ሴት ናት። ቀሚሱን ስሰጣት መነፅሯን እንኳ አላደረገችም። ጫፉን ይዛ ገለበጠችው፣ ጥለቱን ከጀርባው በአውራ ጣቷ ዳበሰችና «ይሄማ ቀለም ነው» አለች። እውነቷን ነው። ሸማኔ የጣለው ጥለት ክር ነው፤ ክሩ ሲመላለስ ጀርባው ላይም ይታያል፣ ሲዳብሱትም ይሻክራል። የእርስዎ ጥለት ጀርባው ባዶ ነጭ፣ ልስልስ፣ እዚህም እዚያም ቀለም የሰረገበት ብቻ ነው።

ይህን ስጽፍልዎ «የካሜራ ላይት ነው እህት» ብለው መለሱልኝ። ላይት ቀለም ሊያደምቅ እንደሚችል አውቃለሁ። ጥጥን ፖሊስተር የሚያደርግ ላይት ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ለማጣራት ከውስጥ ስፌቱ ጋ ከተረፈው ጨርቅ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት አቃጠልኩ። ጥጥ ቢሆን እንደ ወረቀት ነዶ፣ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆን ነበር። የእርስዎ ክር ተኮማተረና ፕላስቲክ ፕላስቲክ እየሸተተ ጥቁር፣ ጠጣር ፍሬ ሆነ። (እሳት የክሩን ዓይነት እንጂ የእጅ ሥራ መሆኑን አይናገርም፤ ፋብሪካ የሸመነው ጥጥም አመድ ይሆናል። ለዚያ ጀርባውን ማየት ነው።)

ከሁሉ የገረመኝን ልንገርዎ። ጥለቱ ላይ አንዲት ትንሽ ስህተት አለች፤ ከአንዱ ወርቅማ ጌጥ ጎን አንድ ክር ዘሏል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ የሰው እጅ ነውና ይሳሳታል። ሁለት ስንዝር ራቅ ብላ ያቺው ስህተት እንደገና መጣች። ከዚያም እንደገና። የቀሚሱን ጫፍ ዞሬ ስቆጥር አሥራ አንድ ጊዜ አገኘኋት። አንድ ሸማኔ አንድ ቀን አንድ ክር ዘለለ፤ አንድ ሰው ያንን ጥለት ፎቶ አነሳው፤ ማተሚያ ማሽን ደግሞ ፎቶውን ከነስህተቱ ፖሊስተር ላይ ደጋገመው።

ስለዚህ ክስ ከማቅረቤ በፊት ይቅርታ ልጠይቅዎ ይገባል። «ከፎቶው ጋር አይመሳሰልም» ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። የላኩልኝ ራሱን ፎቶውን ነው። የእኔ ጥፋት 9,500 ብሩንም ፎቶ አንስቼ አለመላኬ ነው። ጥርት ባለ ካሜራ አነሳልዎ ነበር፤ ቢደበዝዝም ላይት ነው።

የታተመ ቀሚስ መሸጥ ነውር ነው አላልኩም። መርካቶ ውስጥ «ፕሪንት ነው» ተብሎ፣ በፕሪንት ዋጋ ይሸጣል፤ እኔም ለሠፈር ድግስ ገዝቼ ለብሻለሁ። ጠቤ «የእጅ ሥራ» ከሚለው ቃልና ያ ቃል ከጨመረው ዋጋ ጋር ነው።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ማስታወቂያዎንም አንብቤዋለሁ። እኔ ግን የተሸጠልኝን ዕቃ ገና አላየሁትም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማ ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል፤ ሕጉ ገዥም ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዛል። ሐሙስ ተቀበልኩ፣ ሐሙስ ማታ ጻፍኩልዎ፣ ዛሬ ቅዳሜ ይህን ደገምኩ። የለጠፉትን ፎቶ ከነጽሑፉ፣ የከፈልኩበትን ማረጋገጫና የተገለበጠውን ጥለት ምስል ይዣለሁ። ዛሬ ጠዋት ልጥፉን አጥፍተውታል፤ አይጨነቁ፣ ኮፒ አለኝ።

ቀሚሱ አልተለበሰም፣ አልታጠበም፣ በመጣበት ፌስታል ውስጥ ነው። ገንዘቡን በላኩበት ቁጥር በቴሌብር ይመልሱልኝና ሞተረኛውን ይላኩት። የአንዷን የተቃጠለች ክር ዋጋ መቀነስ ይችላሉ።