«ዋሸ!» የምትለዋ ማስታወሻ፦ በአንዲት አንባቢ ደብተር ላይ የተደረገ ምርመራ

ረጅም ልብ ወለድ ሲያነቡ ጎን ለጎን ደብተር የሚይዙ ሰዎች በመካከላችን እንዳሉ የታወቀ ነው። ብዛታቸውን ግን ማንም አያውቅም፤ ደብተሩን ፍራሽ ሥር ነው የሚያኖሩት። ይህ ጥናት የተመሠረተው ከእነዚህ ደብተሮች በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ጸሐፊዋ የአጥኚው ታላቅ እህት ስትሆን፣ ያነበበችው መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደብተሩ እጃችን የገባበትን መንገድ በተመለከተ፣ እህታችን በዕለቱ ገበያ ሄዳ ነበር ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ደብተሩ ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ የኋላ ሽፋኑ ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ አለበት። በፊት ሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ የሰዎቹ ዝምድና ተሥሏል። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ከላይ፣ በዛብህ ከሥራቸው፤ በወዲያኛው ጥግ ደግሞ ፊታውራሪ መሸሻና ወይዘሮ ጥሩ አይነት፣ ከእነርሱ ሥር ሰብለ ወንጌል። በዛብህንና ሰብለን የሚያገናኘው መስመር መጀመሪያ በእርሳስ ነጠብጣብ ተደርጎ፣ በኋላ በእስክርቢቶ ጸንቷል። መቼ እንደጸና አልተጻፈም፤ የእስክርቢቶው ጫና ግን ወረቀቱን ሊበሳ ትንሽ ነው የቀረው።

አጠቃቀሟ ሥርዓት አለው። በግራ ገጽ የሆነውን በአጭሩ ታሰፍራለች፣ በቀኝ ገጽ ያሰበችውን። እንዲህ የሚለያዩበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንድ ላይ ከተጻፉ ከወር በኋላ ደራሲው ያለው የቱ፣ አንባቢዋ የጠረጠረችው የቱ እንደሆነ አይለይም። በቀኝ በኩል ያሉት ጽሑፎች በሦስት ይከፈላሉ፦ ጥያቄ፣ ስሜትና ፍርድ።

ከጥያቄ እንጀምር። ጥያቄዎቹ ተራ ቁጥር አላቸው፤ መልስ ሲገኝ ቁጥሩ ይከበብና መልሱ የተገኘበት ምዕራፍ ከጎኑ ይጻፋል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ዋናው ሰውዬ መቼ ነው የሚወለደው?» ይላል። መጽሐፉ ከማንኩሳ ተነሥቶ የወላጆቹን ታሪክ ተረጋግቶ እንደሚተርክ ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው የሚጠበቅ ነው። በዛብህ ተወልዶ፣ ለቤተ ክርስቲያን ተስሎ፣ ለትምህርት ሲሰጥ ቁጥሩ ተከብቧል። ወዲያው ግን «ስለቱስ? ሲያድግ ቢያፈቅር ምን ሊኮን ነው?» የሚል ጥያቄ ተተክቷል። ይህኛው በጥሩ ደብተር ውስጥ መኖር ያለበት ዓይነት ጥያቄ ነው። መልሱ ቶሎ አይገኝም፤ አንባቢዋ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በእርሱ በኩል ታነባለች። ዲማ ላይ ቅኔ ሲዘርፍ ደስ ብሏት ቀኝ ገጹን ስትሞላ እንኳ ጫፍ ላይ ትንሽ «ስለቱስ?» አለ።

«ይጋባሉ?» የሚለው ጥያቄ ግን ዕድሜ አላገኘም። እናታችን ልብ ወለዱን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ከተከታተሉት ሰዎች አንዷ ናት፤ ያን ድምፅ የሰማ ሰው ደግሞ መጨረሻውን በሆዱ ይዞ መቀመጥ ይከብደዋል። ቡና እየቆላች ጥያቄው ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰማችና «ምን ይጠየቃል፣ ስሙ ላይ ተጽፎ የለ!» አለች። በደብተሩ ላይ የጥያቄው ቁጥር ተከቦ፣ መልሱ የተገኘበት ምዕራፍ በሚጻፍበት ቦታ «እማዬ» ተብሏል።

ፍርድን በተመለከተ እህታችን አንድ ሕግ አላት፦ የተለወጠ ፍርድ አይፋቅም፣ በአንድ መስመር ተሰርዞ እንዲነበብ ሆኖ ይቆያል፤ አዲሱ ከሥሩ ይጻፋል። ፍርድን በላጲስ የሚያጠፋ አንባቢ መጨረሻ ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉን ያውቅ የነበረ ይመስለዋልና ሕጉ ደግ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሥር «ይህን ሰው እግዜር ይይለት» የሚል ተጽፎ ብዙ ገጽ ተጉዟል። ከዚያ ፊታውራሪ መብታችን ተነካ ያሉ ገበሬዎችን ሊወጉ ዘምተው በእነ አበጀ በለው እጅ ሲወድቁ «አሳዘኑኝ» ይላል። ቀጥሎ «አሳዘኑኝ» ተሰርዟል። ከሥሩ «ለምን አሳዘኑኝ?» ተብሎ ጥያቄ ሆኖ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ቁጥሩም እስከ ዛሬ አልተከበበም። ልብ በሉ፣ ሰውዬው ከ«ይህ ሰው» ወደ «አሳዘኑኝ» ሲሸጋገር ከአንተ ወደ አንቱ ነው የተዛወረው። ተማርኮ ማዕረግ ያገኘ ባላባት በእኛ ደብተር እርሱ ብቻ ነው።

ጉዱ ካሳ ሦስት ጊዜ ተፈርዶበታል። በመጀመሪያው ፍርድ ሀገሬው እንዳለው «ወፈፌ ነው»። በሁለተኛው «ከሁሉም ጤነኛ እርሱ ብቻ ነው»፤ ይህ ፍርድ በሁለት መስመር ተሰምሮበታል። በሦስተኛው ደግሞ «ልክ ነው፣ ግን ከመናገር ሌላ ምን አደረገ?» ይላል። እዚህ ላይ እህታችን ከመጽሐፉ ጋር እየተከራከረች እንደሆነ ስለሚታይ አጥኚው ጣልቃ መግባት አልፈለገም። በግሉ ግን ካሳ ዳምጤን ደግፎ ሁለት መስመር በእርሳስ ጨምሯል።

አሁን ወደ ጥናቱ ዋና ጉዳይ፣ ወደ ስሜት እንሻገር። በዚህ ምድብ «ወይ ጉድ»፣ «ምነው ባልሄደ»፣ «ኤዲያ» እና መሰሎቻቸው ይገኛሉ፤ ሁሉም ለየራሳቸው ምዕራፍ የተጻፉ ስለሆኑ አያስቸግሩም። አስቸጋሪዋ በቀኝ ገጽ መሐል ብቻዋን የተቀመጠችው ናት፦ «ዋሸ!»

ከጎኗ ስም የለም፣ ምዕራፍ የለም። በግራ ገጽ ያለው ቦታ ባዶ ነው። በቀይ እስክርቢቶ የተጻፈች ስትሆን፣ በደብተሩ ሁሉ ሌላ ቀይ የለም። ማስታወሻ ሲጻፍ ሁሉም ነገር ግልጽ ስለሚመስል ጸሐፊው ባለቤቱን መጻፍ አያስፈልገኝም ይላል፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ማን እንደዋሸ የሚነግር አንድም ምልክት አይኖርም። ይህ ዓይነቱ ባለቤት የለሽ ማስታወሻ የደብተር ያዦች ሁሉ በሽታ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ስም አንድ፣ ምዕራፍ አንድ። እህታችን ይህን ታውቃለች፤ ሌላ ቦታም አንድ ጊዜ እንኳ አልረሳችም። ስለዚህ እዚህ የተወችው አስባበት መሆን አለበት።

መጀመሪያ የተጠረጠረው በዛብህ ነው። ሰብለን እያስተማረ ልቡን መደበቁ ውሸት ሊባል ይችላል። ነገር ግን እህታችን በዚያ አካባቢ «ምስኪን፣ እንዴት ይናገር» ብላ ስለጻፈች በነጻ ተለቋል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ፊታውራሪ ናቸው፤ ጉራቸው ለክስ ይበቃል። ይሁንና እርሳቸውን በተመለከተ የእህታችን ቃላት ከ«ዋሸ» እጅግ የከበዱ ናቸው። ጉዱ ካሳ እውነት በመናገሩ እንጂ በመዋሸቱ ስሙ አልጠፋም። ሴቶቹን የግሱ ጾታ ራሱ ነጻ አውጥቷቸዋል።

ምርመራው እዚህ ላይ ቆሞ ሳለ የገጽ ቁጥሮቹ ትኩረት ሳቡ። እህታችን በመጀመሪያ ማስታወሻዎቿ ከምዕራፍ ሌላ ገጽም ትጽፍ ነበር። ከ«ዋሸ!» በፊት ያለው ማስታወሻ ገጽ 241 ይላል። ከ«ዋሸ!» በኋላ የሚመጣው በታሪኩ ወደፊት የሄደ ሆኖ ሳለ ገጹ 228 ነው። ታሪክ ወደፊት እየሄደ ገጽ ወደኋላ የሚመለሰው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፦ የሚነበበው ሌላ ኅትመት ሲሆን። መጽሐፉ ደጋግሞ ስለታተመ የፊደሉ መጠንና የገጹ ስፋት ከኅትመት ኅትመት ይለያያል፤ አዋቂ ደብተር ያዦች ከገጽ ይልቅ ምዕራፍ የሚጽፉትም ለዚህ ነው። እህታችንም ከዚያ ቀን ወዲህ ገጽ ጽፋ አታውቅም።

ስለዚህ በሁለቱ ማስታወሻዎች መካከል መጽሐፉ ተለውጧል። ማስረጃው ይጠናከራል፦ የቀድሞው ቅጂ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ ሲሆን፣ ዛሬ መደርደሪያው ላይ ያለው ደኅና ሽፋን አለው። የቀድሞው ላይ እህታችን ያሰመረችባቸው ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ፤ በዛሬው ላይ የማናውቀው ሰው ያሰመረባቸው አሉ፤ እርሱም ምርጫው ደካማ ነው። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። አንድ ሰው መጽሐፉን ከእህታችን ተውሶ ጣለው። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ሌላ ቅጂ ገዝቶ፣ «ይኸው መጽሐፍሽ፣ ሽፋኑን አሳደስኩልሽ» ብሎ መለሰላት። ማንም ሰው ይታለል ነበር፤ ደብተር ያዥ ግን ገጽ 241ን ገልጣ የፈለገችውን ስታጣ አንዲት ቃል በቀይ ጻፈች።

የተዋሰው ሰው ማን እንደሆነ ለዚህ ጥናት አስፈላጊ አይደለም። ቅጂው በውድ ዋጋ መገዛቱን ግን አጥኚው በእርግጠኝነት ያውቃል፤ ሽፋኑም በእውነት የተሻለ ነው።

አራተኛ ምድብ ሊኖር ታስቦ ነበር፤ የትንቢት ማስታወሻዎች የሚል። ነገር ግን በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ከሸሸ፣ ሰብለም ፍለጋ ከወጣች በኋላ የደብተሩ ቀኝ ገጽ እየሳሳ ይሄዳል። ግራ ገጹም ከሁለትና ከሦስት ቃል አያልፍም፤ «ወጣች»፣ «መንገድ ላይ»፣ «ደረሰች»። መጽሐፉ ሲፈጥን እስክርቢቶ እንደሚዘገይ ከዚህ ይታያል፤ ስንት ምዕራፍ በአንድ ሌሊት እንዳለቀም መገመት አያቅትም። ጠዋት ላይ ዓይኗ ለምን እንዳበጠ እማዬ ብትጠይቃት «ሽንኩርት ነው» ብላለች። በዚያ ሌሊት ቤት ውስጥ ሽንኩርት አልተከተፈም፤ ይህኛውን «ዋሸች!» ብሎ በቀይ የጻፈ ግን የለም።

ጥናቱ የሚቀጥልበት ምክንያት የነበረው ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ማስታወሻ ከሌለው ደግሞ የሚመደብ ነገር የለም። አንድ ገጽ ባዶ ታልፎ አዲስ ርእስ ይጀምራል፦ «የልምዣት»፣ ያው ደራሲ። የግራና የቀኝ መስመር ተሰምሯል፤ የሰዎች ዝምድና የሚሣልበት ቦታም ተለይቷል። በታሪኩ ገና ምንም አልተነበበም። በቀኝ ገጽ ግን ስምና ዝርዝር የተሟላለት የመጀመሪያ ማስታወሻ ሰፍሯል፦ «ይህን መጽሐፍ ለማንም አላውስም፣ በተለይ ለ...» ብሎ በቀይ የተሰመረበት ስም ይከተላል። ስሙ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።