የረጅም ዕድሜ ልብስ

እናቴ ከደብረ ብርሃን ውጪ የምታውቀው ሦስት ቦታ ነው፤ አዲስ አበባን፣ ቁልቢን፣ ኢየሩሳሌምን ደግሞ በቴሌቪዥን። ጓንዡ ልሄድ ነው ስላት «ከቁልቢ ይርቃል?» አለችኝ። እጅግ ይርቃል አልኳት። «እንግዲያው ባዶ እጅህን አትምጣ። የሚሞቅ ነገር ፈልግልኝ፤ የዘንድሮው ብርድ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ብሏል።»

ነጋዴ አይደለሁም። ጫማ የሚያስመጣው የአክስቴ ልጅ ነው፤ አብሮት የሚሄደው ሸሪኩ ስለታመመበት «ዕቃ የሚጠብቅልኝ የሚታመን ሰው እፈልጋለሁ» ብሎ በክረምት ዕረፍቴ ወሰደኝ። ሰባት ቀን ሙሉ ሥራዬ የካርቶን ክምር ላይ መቀመጥ ነበር። ተቀምጬ ግን የጓንዡን ንግድ አጠናሁ። ሻጩ «ማይ ፍሬንድ!» ብሎ ክንድህን ይይዛል፣ ካልኩሌተር ላይ ዋጋ ይጽፍልሃል፣ አንተ ታጠፋና ግማሹን ትጽፋለህ፣ እሱ ልቡን ይይዛል፣ አንተ ትወጣለህ፣ ከኋላህ ይጠራሃል። ቋንቋ አያስፈልግም። የአክስቴ ልጅ በዚህ ዘዴ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አንድ ኮንቴይነር ይሞላል።

በስድስተኛው ቀን እሱ ከአንድ ፋብሪካ ጋር ስለ ሶል ውፍረት ሲጨቃጨቅ እኔ የእናቴን አደራ ይዤ ወጣሁ። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ጀርባ ካለች ጠባብ መንገድ ገባሁ። ፍራፍሬ የሚሸጥ፣ ሾርባ የሚሸጥ፣ ለበሽተኛ ፎጣና የፕላስቲክ ሳፋ የሚሸጥ አለ። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ሱቅ በሩ ላይ ትልልቅ ክብ የወረቀት አበባ ደርድሯል። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አዲስ የተከፈተ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ የአበባ ቅርጫት ተደርድሮ አይቼ ስለነበር «ይኼም ዛሬ ተመርቆ ይሆናል» አልኩ። ቀና ስል ከቻይንኛው ሥር ጥርት ባለ እንግሊዝኛ «ሎንግ ላይፍ ክሎዝስ» ይላል። የረጅም ዕድሜ ልብስ!

ቆሜ ሳቅሁ። ለሰባ አራት ዓመት እናት ከዚህ የተሻለ ስጦታ ከየት ይመጣል? እኛ «ዕድሜ ይስጥሽ» ብለን በአፍ እንመርቃለን፣ እነዚህ ሰዎች ሰፍተው ይሸጡታል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ ማለት ነበረብኝ። አንደኛ፣ ማንም «ማይ ፍሬንድ» አላለኝም። ባለሱቋ ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው፤ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ስድስት ቀን ክንዴ ሲጎተት ከርሞ፣ ይኼን ጭምትነት ወደድኩት እንጂ አልጠረጠርኩትም። ሁለተኛ፣ መደርደሪያው ላይ ከወረቀት የተሠራ ቪላ፣ የወረቀት መኪና፣ የወረቀት ሞባይል አለ። የልጆች መጫወቻ ነው ብዬ አለፍኩ። ሦስተኛ፣ ዕጣን ይሸታል። የዕጣን ሽታ ሐበሻን አያስደነግጠውም፤ እንዲያውም ቡና ሊመጣ ነው ብሎ ይጠብቃል።

ከስልኬ የእናቴን ፎቶ አውጥቼ አሳየኋቸው። ካልኩሌተሩ ላይ 74 ብዬ ጻፍኩ። ሴትዮዋ ቁጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አንገታቸውን ነቅንቀው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። እናቱን የሚወድ ልጅ ደስ ብሏቸው ነው አልኩ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ እየጠቆሙ አንድ ነገር ጠየቁ። መቼ ነው የምትሰጣት ማለታቸው መስሎኝ አገሬ የምገባበትን፣ የሚመጣውን ሐሙስ፣ በጣቴ ነካሁ። ሴትዮዋ ሐሙስን ተመለከቱ። ደግመው ጠየቁኝ፤ እኔም በፈገግታ ደግሜ ነካሁ።

ዕቃው ወጣ። ጥቁር ሰማያዊ ሐር፣ ውስጡ ጥጥ የተሞላ ካፖርት፤ ደረቱ ላይ በክብ በክብ የተጠለፈ የቻይና ፊደል አለው። አንድም ቁልፍ የለውም፤ በጨርቅ ማሰሪያ ነው የሚታሰረው። ከሥሩ የሚለበስ አለ፣ ከዚያም ሥር ሌላ አለ፤ ከሱሪው ጋር ሲቆጠር ሰባት ልብስ። ለብቻው ደግሞ ለስላሳ የጨርቅ ጫማ። ጫማውን ገልብጬ አየሁት፤ ሶሉ ላይ የሎተስ አበባ ተጠልፏል። የአክስቴ ልጅ ስለ ሶል ሲከራከር ስለዋለ ነገሩ ገረመኝ፤ መሬት የሚረግጠው ላይ ማን ጥልፍ ይጠልፋል?

ዋጋው 680 ዩዋን ነበር። በተማርኩት መሠረት አጥፍቼ 300 ጻፍኩ። ሴትዮዋ ካልኩሌተሩን ከእጄ ወሰዱ፣ መሳቢያ ከፈቱ፣ ውስጥ አስቀምጠው ዘጉት። ሙሉውን ከፈልኩ። ስወጣ ከማውቃቸው ሁለት የቻይንኛ ቃላት አንዱን «ዛይ ጅየን» አልኳቸው፤ እንደገና እንገናኝ እንደማለት ነው። ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ሁለት እጃቸውን አራገቡብኝ።

ሆቴል ስደርስ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ፌስታሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይታ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። ሊፍት ውስጥ የነበሩ ባልና ሚስት በእኔ ምክንያት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወረዱ፤ የተጫኑት ግን ዘጠኝን ነበር። የአክስቴ ልጅ ክፍል ገብቼ አልጋው ላይ ዘረጋሁት። አየው። ሲጋራውን አጠፋ።

«አንተ ሰውዬ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም። የእማዬ ነው። የረጅም ዕድሜ ልብስ።»

«መግነዝ እኮ ነው!»

ሳቁ ሲበርድለት አስረዳኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሲመላለስ ለካ የሚያውቀው ጫማ ብቻ አልነበረም። ልብሱ በቻይንኛ «ሾው ዪ» ይባላል። «ሾው» ረጅም ዕድሜ፣ «ዪ» ልብስ። የሱቁን ታፔላ የጻፈው ሰው ቃል በቃል አስቀመጠው እንጂ አልዋሸም፤ የተሳሳተው ያንን ቃል ለምን እንደመረጡት ሳይነግረን መቅረቱ ነው። ሞትን በስሙ መጥራት ስለማይፈልጉ በተቃራኒው ይጠሩታል። የሬሳ ሣጥኑንም «የዕድሜ እንጨት» የሚሉት አሉ። ያው «ሾው» ደግሞ በሽማግሌ ልደት ቀን የሚበላው ፓስታ ስም ላይም አለ፣ ስለዚህ ቃሉን ብቻ ያወቀ ሰው ወደ ልደት ይሂድ ወደ ቀብር አያውቅም። እኛስ «አረፈ»፣ «ተለየን» እንል የለ? ግን በእኛ ሆስፒታሎች አካባቢ ሣጥን ሻጩ ሣጥኑን ደጅ ላይ አቁሞ «የሬሳ ሣጥን እዚህ ይገኛል» ብሎ ስለሚጽፍ የሚሳሳት መንገደኛ የለም። ይሉኝታችን ታፔላ ላይ አይደርስም።

ልብሱ ራሱ ከላይ እስከ ታች ሰምና ወርቅ ነው። ቁልፍ የሌለው፣ ማሰሪያ «ዳይዝ» ስለሚባል ነው፤ ሌላው ትርጉሙ ልጅ ማምጣት ነው፤ ማሰሪያ ያለው ሟች ለቤቱ ዘር ያመጣል። የሚያብረቀርቀው ሳቲን ግን አይነካም፤ ስሙ «ዱዋንዝ» ስለሆነ ዘር መቁረጥ ተብሎ ይሰማል። ቆዳና ፀጉርም የለበትም፤ የለበሰው ሰው ዳግም ሲወለድ እንስሳ ሆኖ እንዳይመጣ። ብዛቱ ጎዶሎ የሆነው ጥንድ ከሆነ ሞት ተከትሎ ሌላውን ይወስዳል ተብሎ ስለሚፈራ ነው። ጥጡ በሐምሌም በጥርም አይቀርም፤ የሚሄዱበት አገር ይበርዳል። የሎተሱ ጫማም የሚረግጠው እዚህ ያለውን መሬት አይደለም።

«እሺ ዋጋስ ለምን አልቀነሱልኝም?»

«በሞት ዕቃ ዋጋ አይከራከሩም። ‹እንደገና እንገናኝ›ም አይባልም፤ ማን እንደገና እዚያ ሱቅ መምጣት ይፈልጋል?» ከዚያ ስለ ቀን መቁጠሪያው ነገርኩት። ሴትዮዋ የጠየቁት እናቴ የሞተችበትን ቀን እንደነበር ሲገባው ትራሱን አፉ ላይ አድርጎ ተንከባለለ። «የእናቱን ሞት ለሚመጣው ሐሙስ ቀጥሮ፣ በፈገግታ! ፖሊስ አለመጥራታቸው!»

መመለስ አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ማንም ተመልሶ አይቀበልም። ሆቴል ጥዬ ልሂድ ብል ጽዳቶቹን ማስደንገጥ ነው። ያረጋጋኝ በመጨረሻ የነገረኝ ነው። በብዙ አካባቢ ልጆች ለወላጆቻቸው ይኼን ልብስ በሕይወት እያሉ ያሰፉላቸዋል፤ ያውም ተጨማሪ ወር ባለበት ዓመት፤ ቀድሞ የተሰፋ ልብስ ዕድሜ ይጨምራል ተብሎ ይታመናል። የእነሱ ጭማሪ ወር እንደ ጳጉሜን የቀናት ቅንጥብጣቢ ሳይሆን ሙሉ የጨረቃ ወር ነው፣ በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ይመጣል። 19! የአባቶቻችን ንዑስ ቀመር። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ደብተራ እዚያ ሱቅ ቢገባ ከእኔ ይልቅ ይግባባ ነበር።

ሻንጣዬ ውስጥ ከሥር አድርጌ አመጣሁት። ደብረ ብርሃን ስደርስ ለመዋሸት ቆርጬ ነበር፤ ግን እናቴ ጫማውን ገልብጣ ሶሉን አየችና «ይኼ የቆመ ሰው ጫማ አይደለም» አለች። ሁሉንም ነገርኳት።

ዝም አለች። ተነሥታ የልብስ ሣጥኗን ከፈተች። ከሥር፣ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ከዕጣን ጋር የታሰረ ነጭ ጨርቅ አወጣች፤ ጎረቤታችን ኢየሩሳሌም ስትሳለም ያመጣችላት መግነዝ ነው። መኖሩን አላውቅም ነበር። ሁለቱን አልጋው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው፤ በጣቷ አንዱን አሻሸች፣ ሌላውን አሻሸች።

«ስንት ገዛኸው?»

ነገርኳት።

«አልተከራከርክም?»

«እምቢ አሉኝ።»

«ጎሽ፣ በዚህስ አይከራከሩም። የኔው ይበቃኛል» ብላ ነጩን መልሳ ጠቀለለችው። ሰማያዊውን ካፖርት ግን አነሣች፣ ለበሰች፣ ማሰሪያውን አሰረች። «ይኼ ጥጥ አለው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ደጅ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ እሱን ነው የምትለብሰው። ከተማችን ውስጥ ፋብሪካ የሚሠሩ ቻይናውያን አሉ። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ እንቁላል ገዝቶ ሲመለስ በደጃችን አለፈ። አያት፤ ቆመ። እንቁላሉን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ ከዚያ ወደ ኋላው ሳያይ ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ እናቴ። «ያገሩን ልብስ ሲያይ ናፍቆት ሆዱን ባር ባር አለው መሰለኝ። ነገ ሲያልፍ ቡና እንጠራዋለን።»