ሒሳቡ ዜሮ ነው አዴ

ፈላና በርን ያላያችሁ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው፣ በሰሜን በኩል። ሐረሪዎቹ አሱም በሪ ይሉታል። ማታ ማታ ከበሩ ውጭ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች ስላሉ እንግዳ በባጃጅ እየመጣ ፎቶ ይነሳል። እኔ ግን ፎቶ ለመነሳት አይደለም እዚያ የኖርኩት። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ፣ ክፍል የተከራየሁትም አዴ ግቢ ነው። አዴ በራቸው ላይ ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው፤ ከሱቋ የሚበልጥ ደግሞ የዱቤ ደብተር።

እና አንድ ቀን ማታ ሆጃዬን እየጠጣሁ ሳለ፣ «አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ነው የምትማረው አይደል? ይኼን ዱቤ ደምርልኝ እስቲ፣ ነገ ጠዋት ዕቃ የሚያመጣው ሰውዬ ይመጣል» አሉኝ። እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው ቢሆን የስልኩን ካልኩሌተር አውጥቶ ሆጃው ሳይበርድ ጨርሶ ይተኛል። እኔ «አዴ፣ ፕሮግራም እሠራልዎታለሁ» አልኩ። እሳቸውም ፕሮግራም ማለት የበዓል ዝግጅት መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ «አላህ ይባርክህ» ብለው ገቡ።

ፕሮግራሙን በፓይተን ጀመርኩ። ፓይተን ከሦስተኛው እትሙ ወዲህ፣ ማለትም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የተለዋዋጮችን ስም በራስህ ፊደል እንድትጽፍ ይፈቅዳል። ጓደኞቼ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚሰይሙት፤ እኔ ግን አዴ ደርሰው ቢያዩ ይገባቸዋል ብዬ (አዴ ስክሪን ላይ መነጽራቸውን ሰክተው ኮድ ሲያነቡ ይታያችሁ!) ሁሉንም በአማርኛ ሰየምኩ። ሙሉውን ደብተር ከማስገባቴ በፊት በሦስት ዕዳ ልሞክረው አልኩና ይህን ጻፍኩ፦

```
ዋጋዎች = [120, 45, 300]
ሒሳብ = 0
for ዋጋ in ዋጋዎች:
    ሂሳብ = ሒሳብ + ዋጋ
print(ሒሳብ)
```

መልሱ 465 መሆን ነበረበት። ማሽኑ 0 አለኝ። ስህተት አለብህ አላለም፣ ቀይ ጽሑፍ አላወጣም፤ በሰላም ሠርቶ፣ በሰላም ጨርሶ፣ ዜሮ። ቢጮህ እኮ ይሻል ነበር። የሚጮኽ ስህተት መስመሩን ይጠቁማችኋል፤ ዝም የሚለው ነው ሌሊት የሚያሳድራችሁ።

እንግዲህ ያስተማሩኝን ሁሉ አደረግኩ። በመስመሩ መጀመሪያ ያለውን ክፍተት ለካሁ፣ ልክ ነው። ቁጥሮቹ እንደ ጽሑፍ ተነበው ይሆን ብዬ አየሁ፣ አይደለም። ከዚያ በዙሩ ውስጥ ምን እንደሚሆን ልይ ብዬ `print(ሂሳብ)` ጨመርኩ። 120፣ 45፣ 300 እያለ አወጣልኝ። ቁጥሮቹ ይገባሉ ማለት ነው፤ ግን አይደመሩም። በእያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ይረሳል! ከዙሩ ሲወጣ ደግሞ የመጨረሻውንም ረስቶ ዜሮ ይላል። የኮምፒውተሬ ሚሞሪ ተበላሽቷል የሚል ድምዳሜ ላይ የደረስኩት ያኔ ነው። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ እኮ፤ አንደኛ ዓመት ብሆን ምንም አልነበረም።

ለጓደኛዬ ልደውል አልኩ። የአዴ ቤት ግን የድሮ የድንጋይ ቤት ነው፣ ግድግዳው ኔትወርክ አያስገባም። ስለዚህ ላፕቶፔን ታቅፌ ወደ ጠባቧ መንገድ ወጣሁና ግንቡን ተደግፌ፣ በዚያ ሌሊት ኮድ በስልክ ማንበብ ጀመርኩ። «ሒሳብ እኩል ይሆናል ዜሮ። ፎር ዋጋ ኢን ዋጋዎች። ጻፍክ?» ጓደኛዬ በራሱ ማሽን ይጽፋል። መሀል ላይ ጅብ መጣ። በጁገል ጅብ የሌሊት ነዋሪ ነው፣ በግንቡ ሥር የራሱ ቀዳዳ ሁሉ ተሠርቶለታል፤ አትሩጥ ብቻ ነው የሚሉህ። አልሮጥኩም፤ ማንበቤንም አላቆምኩም፣ ካቆምኩ ፍርሃቴ የሚታወቅብኝ መሰለኝ። «ሒሳብ… እኩል ይሆናል… ሒሳብ ሲደመር ዋጋ» እያልኩ ድምፄ ቀጠነ። ጅቡ ቆም ብሎ ሰማኝና እንደ አሰልቺ ሌክቸር ጥሎኝ ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? ደግሜ «ሒሳብ!» ብዬ የጮኽኩት ከታጠፈ በኋላ ነው።

«465» አለኝ ጓደኛዬ በስልኩ።

«ምን 465?»

«ይሠራል አቦ! ምን ሆነሃል?»

ያው ኮድ፣ ቃል በቃል ያነበብኩለት፣ በእሱ ማሽን ይሠራል፤ በእኔ ዜሮ ነው። ሚሞሪዬ ነው የተበላሸው ያልኩት ተረጋገጠ ማለት አይደል? የቀረኝን ዳታ በሙሉ አሟጥጬ ፓይተንን እንደ አዲስ አውርጄ ጫንኩ። ዜሮ። ፋይሉን በቴሌግራም ላከልኝ። በእኔው «ብልሹ» ላፕቶፕ ላይ 465 አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቼ እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ አንድ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ነገር በጆሮ አይገኝም፣ ያን ሌሊት ግን ይህን የሚነግረኝ አልነበረም።

ተስፋ ስቆርጥ ከእሱ ፋይል አንድ አንድ መስመር እየወሰድኩ በእኔው ላይ መተካት ጀመርኩ። የመጀመሪያው መስመር ምንም አላመጣም። ሁለተኛውን፣ ያችን እኩል ይሆናል ዜሮ የምትለዋን ስተካ፣ ማሽኑ በመጨረሻ ጮኸ፦

```
NameError: name 'ሒሳብ' is not defined. Did you mean: 'ሂሳብ'?
```

ጮክ ብዬ ተረጎምኩት። «ሒሳብ የሚባል አላውቅም፤ ሂሳብ ማለትህ ነው?» አዎ፣ ሒሳብ ማለቴ ነው! ነው እኮ የምልህ! ከማሽን ጋር ስጨቃጨቅ ቆይቼ ነው ዓይኔ ፊደሏ ላይ ያረፈው።

ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ። እኔ በኪቦርዴ ሺፍት ይዤ ሐመሩን ስጽፍ ቆይቼ፣ በአራተኛው መስመር መጀመሪያ ላይ ጣቴ ሺፍቱን ስታለች። ጓደኛዬ ሺፍት የሚባል ነገር ስለማይነካ ሁሉንም በሃሌታው ጽፎ አለፈ። ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን `ord('ሂ')` 4610 ነው፣ `ord('ሒ')` 4626፤ የለ ቤተሰብ በሙሉ መሀላቸው ተቀምጧል። ፓይተን አንዳንድ ተመሳሳይ ምልክቶችን ሲያነብ አንድ ያደርጋል፣ የእኛን ሞክሼ ፊደላት ግን አይነካም። ስለዚህ ሁለት ሣጥን ነበረኝ፦ አንዱ ዜሮ ይዞ የተቀመጠ፣ ሌላው በየዙሩ ዜሮ ላይ አንድ ዋጋ የሚቀበል። እኔ ባዶውን ነበር የማትመው። ያቺ የፍተሻ `print`ም ያሳሳተችኝ ጣቴ እሷንም በሃሌታው ስለጻፈቻት ነው።

አዛን ሲሰማ ፊደሏን ቀየርኩና ሙሉውን ደብተር አስገባሁ፤ በየሰው ስም ድምር አወጣልኝ። አዴ በመነጽራቸው ዝርዝሩን ወደ ታች ሲወርዱ ሐሊማ ላይ ቆሙ። ትንሽ ዝቅ ብላ ደግሞ ሀሊማ አለች፣ የራሷ ዕዳ ይዛ።

«ይቺ የጎረቤቴ አይደለችም እንዴ?»

«ናት አዴ።»

«አንዷን ሴት ለሁለት ከፍለህ ዕዳዋን አሳነስክላት» አሉኝ። «ይኼን ብትሰማ ከእንግዲህ ዱቤዋን አንተ ጋ ነው የምታስጽፈው።»